ቡናው ነው ወይስ ጥርሱ?

ለባሪስታዎችና ለካፌ ባለቤቶች ካደረግኩት ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። እኔ የቡና ማሽንና መፍጫ ጠጋኝ ነኝ። ስልኬ ሲጮህ ብዙ ጊዜ የምሰማው አንድ ዓይነት ነገር ነው። «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ቡናው ዝም ብሎ ይፈስሳል» ይሉኛል። ሄጄ ሳየው ማሽኑ ምንም አልሆነም። የታመመው አጠገቡ ያለው መፍጫ ነው። እሱን ግን ማንም አይጠረጥረውም። ለምን? ስለሚዞር። የሚዞር መፍጫ ጤነኛ ይመስላል።

መጀመሪያ በስሙ እንስማማ። ቡናውን የሚፈጨውን ብረት ፈረንጆቹ «በር» ይሉታል። ለእኛ በር ሌላ ነው። «በሩ አልቋል» ብላችሁ ብትደውሉልኝ አናጢ ጥሩ ልላችሁ እችላለሁ። ስለዚህ ዛሬ ጥርስ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጥርስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጠፍጣፋ ነው። ሁለት ቀለበቶች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ አንዱ ቆሞ ሌላው ይዞራል። የወፍጮ ቤቱን ሁለት ድንጋይ አስቡ። ፍሬው መሃል ላይ ይገባል፣ ሽክርክሪቱ ወደ ዳር ይገፋዋል፣ እየደቀቀ ሄዶ በጠርዙ ይወጣል። ሁለተኛው ሾጣጣ ነው። አንድ ሾጣጣ ብረት በቀለበት ውስጥ ይዞራል፤ ፍሬው ከላይ ገብቶ እየደቀቀ ወደ ታች ይወርዳል። በካፌ የምታዩት አብዛኛው ጠፍጣፋ ነው፤ ስፋቱ ብዙ ጊዜ 64 ሚሊሜትር ነው። በእጅ የሚዞሩትና ለቤት የሚገዙት ትናንሾች ደግሞ በብዛት ሾጣጣ ናቸው። ለካፌ የሚሆን ትልቅ ሾጣጣም አለ፤ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል።

የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር አያልቅም። ጠፍጣፋው ጣዕሙን ጥርት አድርጎ ያወጣል፣ ሾጣጣው ወፈር ያለ ቡና ይሰጣል ይባላል። እውነትነት አለው። ግን የጥርሱ አቆራረጥ ከቅርጹ የማይተናነስ ድርሻ አለው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከምትሸጡት አብዛኛው ማኪያቶ ከሆነ በዚህ እንቅልፍ አትጡ። ወተቱ ልዩነቱን ይሸፍነዋል። ያለቀ ጥርስን ግን ወተትም አይሸፍነውም። የመጣሁትም ስለሱ ላወራ ነው።

አንድ ካፌ ልውሰዳችሁ። የባለቤቷን ስም አላነሳም። መስከረም ላይ ሲከፈት አዲስ መፍጫ ገባለት፤ 64 ሚሊሜትር፣ ጠፍጣፋ። በቀን 3 ኪሎ ያህል ይፈጫል። ግንቦት ላይ ተጠራሁ። «ወንድሜ፣ ቡና የሚቆላልኝን ሰው ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፤ ጣዕሙ ግን አልተመለሰም» አለችኝ። ደንበኛ ይመርራል ይላል፤ ሌላው ይጎመዝዛል ይላል። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ባሪስታውን ሾት አውጣልኝ አልኩት። ልጁ ጎበዝ ነው። ሳይታወቀው ግን ችግሩን እየሸፈነ ነበር። በፊት ለድርብ ሾት 18 ግራም ይጠቀም ነበር። ቡናው መፍጠን ሲጀምር ደቀቅ ብሎ እንዲፈጭ ጥርሶቹን አቀራርቦ አጠበቀው፤ አሁንም ሲፈጥንበት መጠኑን ወደ 20 ግራም አሳደገ። በቀን 150 ያህል ድርብ ሾት ያወጣል። በእያንዳንዱ ላይ 2 ግራም ትርፍ ማለት በቀን 300 ግራም ነው፤ በወር 9 ኪሎ። በምትገዙበት ዋጋ አባዙትና የአዲስ ጥርስ ዋጋ አጠገብ አስቀምጡት። እሷ ስታሰላው ዝም አለች።

ወደ 18 ግራም መልስልኝ አልኩት። 36 ግራም ቡና በ15 ሰከንድ ወረደ። ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ነበር የምንፈልገው። መጀመሪያ ወፍራም ሆኖ ጀመረ፣ ወዲያው በአንድ በኩል ነጣ ብሎ መፍሰስ ያዘ። ቀመስኩት። ጎምዛዛም መራራም ነው።

እንዴት ሁለቱም ይሆናል? ስለታም ጥርስ ፍሬውን ይቆርጠዋል። የዶለዶመ ጥርስ ይጨፈልቀዋል። ሲጨፈልቀው ብናኙም ይበዛል፣ ትልልቁ ፍርፋሪም ይበዛል። ውኃው ከብናኙ ከልክ በላይ ያወጣል፤ መራራው ከዚያ ነው። ፍርፋሪውን ደግሞ ሳይበላው ያልፋል፤ ጎምዛዛው ከዚያ ነው። ቢላዋችሁ ሲዶለዱም ቲማቲሙ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ እንደዚያው ነው።

ይህን አይቼ ግን ወዲያው «ጥርሱ አልቋል» አላልኩም። የቆሸሸ መፍጫም፣ ማስተካከያው የተዛባ መፍጫም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። ስለዚህ ቅደም ተከተል አለኝ። መጀመሪያ አጸዳለሁ፣ ከዚያ ዜሮውን እፈልጋለሁ፣ መጨረሻ ላይ ነው ስለ መቀየር የማወራው። ይህን ገልብጦ የጀመረ ሰው ደህና ጥርስ ይጥላል።

ጽዳቱ እንዲህ ነው። የፍሬ መያዣውን መዝጊያ ዘጋሁ፤ ውስጥ የቀረውን ፍሬ አስፈጭቼ ጨረስኩ። ከዚያ ከሶኬት ነቀልኩት። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። በተለይ እባካችሁ፣ መብራት ጠፍቷል ብላችሁ እጃችሁን እንዳታስገቡ። መብራት መቼ እንደሚመጣ ነግሮን አያውቅም፤ ጣት ደግሞ መለዋወጫ የለውም።

ማስተካከያ ቀለበቱ የት ላይ እንደነበር በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ቀለበቱን እየፈታሁ ሳወጣው የላይኛው ጥርስ አብሮ ወጣ። ሥሩን ሳየው ጠርዙን ተከትሎ ጥቁር ቅርፊት ተጋግሯል፤ በጥፍር ሲነካ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል። ያ ወራት የቆየ ቡና ነው፤ ዘይቱ ተበላሽቷል፣ ይሸታል። በብሩሽ ፈገፈግሁት፣ ብናኙን በቫኪዩም ሳብኩት። ጥርሱን የያዙትን ሦስት ብሎኖች ፈትቼ ከሥሩም አጸዳሁ። ይህን ሥሩን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከጥርሱ በታች የገባች ትንሽ የቡና ቅንጣት ጥርሱን በአንድ በኩል ከፍ ታደርገዋለች። ያን ጊዜ በአንድ በኩል ጠባብ፣ በሌላው ሰፊ ይሆናል። በአንድ ዙር ውስጥ ደቃቅም ሸካራም ትፈጫላችሁ ማለት ነው።

ብሎን ስትመልሱ አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቃችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። ሦስቱንም ጥቂት ጥቂት፣ በዙር አጥብቁ። የማስተካከያ ቀለበቱንም ክር አጽዱ። ቡና ከገባበት ቀለበቱ ተጣሞ ይገባና ክሩን ይበላዋል፤ እሱ ከተበላ ወጪው ሌላ ነው።

በውኃ አታጥቡት፤ ብረቱ ይዝጋል። ሩዝ አስፈጭቶ ማጽዳት የሚባል ነገር አለ፤ አይመቸኝም። ጥሬ ሩዝ ደረቅ ነው፣ ሞተሩን ያስጨንቃል፣ ዱቄቱም እዚያው ይቀራል። ለመፍጫ ተብሎ የሚሠራ የጽዳት ኪኒን አለ፤ ካገኛችሁት ዘይቱን ያነሳላችኋል፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ቡና ፈጭታችሁ ጣሉ። ግን ከሥር የተጋገረውን ብሩሽ እንጂ ኪኒን አይደርስበትም።

በስንት ጊዜ? በየማታው የፍሬ መያዣውን በጨርቅ ጥረጉ፣ መውረጃውን በብሩሽ ጥረጉ። እንደዚህች ካፌ በቀን 3 ኪሎ የሚፈጭ ከሆነ በሳምንት አንዴ የላይኛውን ጥርስ አንስታችሁ ቦርሹ። ብሎን ፈትቶ ከሥር ማጽዳት በወር አንዴ ይበቃል። ጠቆር አድርጋችሁ የምትቆሉ ከሆነ ዘይቱ ስለሚበዛ ትንሽ ቀደም በሉ።

እዚህ ላይ ስለ ቀሪው ላንሳ። ቀሪ የምለው ፈጭታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ጥርሱ ዙሪያና መውረጃው ውስጥ የሚቆየውን ቡና ነው። እዚህ ጠረጴዛው ላይ ባለው መፍጫ ልሞክርላችሁ። ጠቆር ያለ ቡና ስፈጭበት ነበር፤ አሁን ገርጣ ያለውን አስገባሁ። እዩት። የመጀመሪያው ጉልህ ጥቁር ነው፣ ቀጥሎ ዥጉርጉር ሆነ፣ ከዚያ ነው የገረጣው ብቻውን የመጣው። ዥጉርጉሩ እስኪያልቅ የወጣውን ስትመዝኑት የመፍጫችሁን ቀሪ በግምት ታውቃላችሁ። 18 ግራም አስገብቶ 18 ግራም ወጣ ብሎ መመዘን ይህን አያሳይም። የገባውና የወጣው እኩል ቢሆንም የወጣው የትናንቱ ሊሆን ይችላል።

ቀሪው 6 ግራም ነው እንበል። ጠዋት የምታወጡት የመጀመሪያ 18 ግራም ሲሶው ሌሊቱን ያደረ ነው። ይጣል። ማስተካከያውን ስትነኩም እንዲሁ ነው። አጥብቃችሁ ወዲያው ያወጣችሁት ሾት ሲሶው በድሮው ልክ የተፈጨ ነው። እሱን ቀምሳችሁ «አልተለወጠም» ብላችሁ እንደገና ካጠበቃችሁ፣ በሚቀጥለው ሾት ማሽኑ ጠብታ ያንጠባጥባል። ከዚያ ታላላላችሁ፣ ከዚያ ታጠብቃላችሁ፤ ቀኑን ሙሉ ስትባረሩ ትውላላችሁ። ልኩን ከነካችሁ አንድ ሾት የሚያህል ፈጭታችሁ ጣሉ፣ ቀጣዩን ቅመሱ።

ቀሪ የሚበዛው በጠፍጣፋ ነው ይባላል። ቅርጹ ብቻ አይደለም። ከጥርሱ እስከ መውጫው ያለው መንገድ ነው ዋናው። ትንሽ የቤት ሾጣጣ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ጥቂት ያስቀራል። ትልቁ የካፌ ሾጣጣ ግን መውረጃው ወደ ጎን ከሆነ ከጠፍጣፋው እኩል ያስቀራል። እነዚያ እጀታቸው ሲሳብ «ጠቅ ጠቅ» የሚሉ የድሮ ባለ ዶዘር መፍጫዎች ደግሞ የባሱ ናቸው፤ የተፈጨው ቡና ከጎን ተከማችቶ ወረፋ ይጠብቃል። ሰው በሚበዛበት ሰዓት ችግር የለውም፣ ቶሎ ያልቃል። ከሰዓት በኋላ ሲቀዘቅዝ ነው የሚያስቸግረው።

ወደ ካፌዋ እንመለስ። ካጸዳሁ በኋላ እንደገና 18 ግራም አወጣን። ከ15 ሰከንድ ወደ 18 ሰከንድ መጣ። ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ከችግሩ ከፊሉ ቆሻሻ እንደነበር ነገረን። የቀረው ምን እንደሆነ ለማወቅ ዜሮውን ፈለግሁ።

ዜሮ ማለት ሁለቱ ጥርሶች ገና ሲነካኩ ያለው ነጥብ ነው። መፍጫው ውስጥ ምንም ቡና እንዳይኖር ታደርጋላችሁ። ባዶውን ታስነሱትና ቀለበቱን ቀስ፣ ቀስ እያላችሁ ታጠብቃላችሁ። ጆሯችሁን ስጡት። ብረት ብረትን ሲነካ ቀጭን «ጭር» የሚል ድምፅ ይሰማል። በሰማችሁበት ቅጽበት ወደኋላ መልሱት፤ እያፋጨ እንዲቆይ አትተዉት፣ ስለቱን የምትጨርሱት ራሳችሁ ትሆናላችሁ። ያ ነጥብ ዜሮ ነው። ከዚያ ወደ ሥራ ቦታው ስንት ምልክት እንደሚርቅ ቁጠሩና ጻፉ።

እኔ መስከረም ላይ መፍጫውን ስተክል ጎኑ ላይ ፕላስተር ለጥፌ «ከዜሮ 9» ብዬ ጽፌ ነበር። አሁን ልጁ የሚሠራበትን ቦታ ስንቆጥር ከዜሮ 3 ነው። ያም ሆኖ ይፈጥናል። ይህ ነው ትልቁ ምልክት። ጥርስ ሲዶለዱም ያንኑ ሰከንድ ለማግኘት እያቀራረባችሁ ትሄዳላችሁ፤ በመጨረሻ የምታጠብቁበት ቦታ ያልቃል። ቁጥሩ ግን በእያንዳንዱ መፍጫ ይለያል፤ የእኔን 9 ወስዳችሁ በእናንተ ላይ አትፍረዱ። የራሳችሁን ጥርሱ አዲስ ሳለ ካልጻፋችሁ በኋላ የምታነጻጽሩበት የለም። የቡናው ዓይነት ሲቀየርም ቦታው ስለሚንቀሳቀስ በምታውቁት ቡና ነው መለካት ያለባችሁ። ክረምት ገብቶ አየሩ ሲረጥብም አንድ ሁለት ምልክት ይንቀሳቀሳል፤ እሱ ማለቅ አይደለም።

ከዚያ ዓይንና ጥፍር። የስልኬን መብራት በጥርሱ ላይ በአግድም አበራሁ። ስለታም ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፣ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። የዶለዶመ ጠርዝ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ያበራል፤ ጫፉ ስለተድበለበለ። የእሷ ዙሪያውን ያበራ ነበር። ጥፍሬን በጠርዙ ላይ ሳብኩት። ስለታም ቢሆን ጥፍሩን ላጥ ያደርገው ነበር። አንሸራተተው።

ስሌቱም ይስማማል። በቀን 3 ኪሎ፣ ለስምንት ወር፣ 720 ኪሎ ገደማ። 64 ሚሊሜትር የብረት ጠፍጣፋ ጥርስ እንደ አምራቹ ከ300 እስከ 600 ኪሎ ይሠራል ይባላል። ሾጣጣው ረዘም ያለ ዕድሜ ይሰጡታል፤ ሽፋን የተቀባው ከዚያም ይረዝማል። የራሳችሁ መፍጫ መመሪያ ላይ ያለውን ያዙ። ቀኑን ሳይሆን ኪሎውን ቁጠሩ። «ገና አንድ ዓመት አልሞላውም» የሚባል ነገር ለጥርስ አይሠራም።

ኪሎው ሳይደርስም ጥርስ ይሞታል፤ ገዳዩ ጠጠር ነው። በፀሐይ ከደረቀ ቡና ውስጥ ጠጠር ሊገባ እንደሚችል እናቶቻችን ያውቃሉ፤ ሳይለቅሙ አይቆሉም። ካፌ ውስጥ ግን ጆንያውን ቀደን እንገለብጣለን። ጠጠር ሲገባ «ቋ» ይላል፤ አንዳንዴ ሞተሩ ይቆማል። ልዩነቱን በዚህ ታውቁታላችሁ፦ ማለቅ በወራት ቀስ እያለ ይመጣል፣ ጠጠር ግን ጠዋት ደህና የነበረውን ከሰዓት ያበላሸዋል። ከፍታችሁ የውጭውን ጠርዝ እዩ። በጠፍጣፋ ጥርስ የመጨረሻውን ልክ የሚሰጠው እሱ ነው። ከመሃል ትንሽ ቢሸረፍ ትችሉታላችሁ፤ ዳሩ ከተሸረፈ ትልልቅ ፍርፋሪ በዚያ እየሾለከ ያስቸግራችኋል።

ጥርሱን ቀየርነው። ሁለቱንም፤ አንዱን ብቻ መቀየር የለም። ስትገዙ የመፍጫውን ሞዴል ይዛችሁ ሂዱ። ስፋቱ አንድ ሆኖ ሽክርክሪቱ ተቃራኒ የሆነ ጥርስ አለ፤ ይገጥማል፣ ግን አይቆርጥም። አንድ ወዳጄ ሦስት ቀን ታግሎበታል። እኔ ነኝ እንዳልል አፍራለሁ።

ከገጠምኩ በኋላ የጥርሱን ጠርዝ በሚጠፋ ማርከር ቀባሁት። ዜሮ ድረስ አጥብቄ በእጄ አዞርኩና ከፈትኩ። ቀለሙ ዙሪያውን እኩል ከተነሳ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል ማለት ነው። በአንድ በኩል ብቻ ተነሳ፤ በሌላው አልተነካም። ባልተነካው በኩል ከጥርሱ ሥር የምግብ መጠቅለያ ፎይል ቁራጭ ከተትኩና እንደገና ሞከርኩ። በሁለተኛው ዙር እኩል ተነሳ። ፎይሉ በጣም ስስ ነው፤ የምንጨነቅበት ልዩነትም ያን ያህል ስስ ነው።

18 ግራም፣ 36 ግራም፣ 27 ሰከንድ። ከዜሮ 10 ላይ። አዲስ ጥርስ ግን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎዎች እስኪፈጭ ቦታው ስለማይረጋ፣ ለልጁ በየጠዋቱ እየለካ እንዲጽፍ ነገርኩት። በሳምንቱ ስደውልለት 9 ላይ ቆሟል አለኝ። ፕላስተሩን ቀየረና ቀኑን ጻፈበት፤ ከጎኑ በየሳምንቱ ኪሎ እየደመረ ነው።

ከፊት ያለው ወንድሜ እጁን አንስቷል። ያለቀው ጥርስ ይሳላል ወይ? ወፍጮ ሲለሰልስ እንወቅረው የለ ነው የሚለው። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚስሉ አሉ። ወፍጮው ግን ድንጋይ ነው፤ ተወቅሮ ሸካራ ከሆነ ይበቃዋል። የዚህ ጥርስ ቦይ ጥልቀቱም አንግሉም የተሰላ ነው። ሲሳል ብረቱ ይቀንሳል፣ ቅርጹም ይቀየራል፤ ሁለቱ እኩል ካልተሳሉም ተገናኝተው አይቀመጡም። ለትልቅና በጣም ውድ ጥርስ፣ በትክክለኛ ማሽን ከሆነ አልከራከርም። ለ64 ሚሊሜትር አዲስ ግዙ።

የእሷን አሮጌ ጥርስ ይዤው መጥቻለሁ፤ አዲስም አጠገቡ አለ። በእጅ በእጅ አዙሯቸው፣ መብራታችሁንም አብሩባቸው። አሮጌውን እንደፈለጋችሁ ነካኩት። በአዲሱ ተጠንቀቁ፣ ይቆርጣል።